በአሮጌ ልማድ ላይ የሚተከል አዲስ ልማድ

ሰው አዲስ ሥራ ለመልመድ በተነሣ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያማክረው ሰዓቱን ነው። «ከነገ ጀምሮ ማታ በሁለት ሰዓት አነባለሁ» ይላል፤ ወይም «በየቀኑ ሒሳቤን እጽፋለሁ» ብሎ ይወስናል። ውሳኔው ከልብ የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሲደርስ መድረሱን የሚነግረው የለም። እንግዳ ይመጣል፤ ራት ይዘገያል፤ ድካም ይጫነዋል፤ ነገሩ ትዝ ሲለውም መብራቱን አጥፍቶ ከተኛ በኋላ ነው። ይህ ጥቂት ቀን ከተደጋገመ ሰውየው «እኔ ፈቃደ ደካማ ነኝ» እያለ ራሱን ይወቅሳል። እኛ ግን ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው፣ ጉድለቱ የፈቃድ ሳይሆን የአስታዋሽ ሆኖ እናገኘዋለን።

አሮጌ ልማድ አስታዋሽ አይፈልግም። ቡና ሲፈላ አቦሉ ተጠጥቶ ሲኒዎቹ ሲሰበሰቡ በጀበናው ላይ ውሃ ይጨመራል፤ ቶናው ሲያልቅም በረካው ይከተላል። በዚህ መካከል ሰዓት የሚመለከት የለም፤ የአንዱ ፍጻሜ ለሌላው መጥሪያ ነውና። በዘመናችን ልማድን በልማድ ላይ መደረብ የሚባለው ዘዴም የተመሠረተው በዚሁ ነው። አንድ ድርጊት በአንድ ቦታ ከሌላ ድርጊት ቀጥሎ ደጋግሞ ሲፈጸም አእምሮ ሁለቱን ያስተሳስራቸዋል፤ እየቆየም የፊተኛው ሲያበቃ የኋለኛው ሳይታሰብ ይመጣል። ስለዚህ አዲስ ሥራ የሚለምድ ሰው አዲስ አስታዋሽ መፍጠር አያስፈልገውም፤ በየቀኑ ሳይጓደል ከሚፈጽማቸው ሥራዎች አንዱን መርጦ አዲሱን በእርሱ ፍጻሜ ላይ ማሰር ይበቃዋል። ችግሩ የትኛውን እንደሚመርጥ ማወቁ ላይ ነው።

ይህን በግልጽ ያየነው በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ያረጀውን ዕቃ ወደ አዲስ አገልግሎት በመለወጥ የታወቀ ነው። ቆራሌዎች ከየመንደሩ የገዙትን ጣሳ፣ በርሜልና ቁርጥራጭ ብረት እዚያ ያራግፉታል፤ ከበርሜሉ የከሰል ምድጃ፣ ከጣሳው ኩራዝ፣ ከመኪናው ጎማ ጫማ ይወጣል። በዚያ ምድጃ እየሠራ የሚሸጥ አንድ ወዳጅ ነበረን። መዶሻው ከጧት እስከ ማታ አያርፍም፤ ገበያውም መጥፎ አልነበረም። ይሁን እንጂ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያና የእቁቡ ቀን በተቃረበ ቁጥር ገንዘብ ያጥረው ነበር። ብረት የሚገዛበት፣ ምድጃ የሸጠበትና ለቤቱ የሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ኪስ ስለሚገባ፣ ሥራው ትርፍ እያስገኘ ይሁን ወይም ዋናውን ገንዘብ እየበላ ይሁን ለማወቅ አልቻለም። «ብሩ በእጄ ያልፋል እንጂ አይነግረኝም» ይለን ነበር። የሚያስፈልገው የዕለት ሒሳቡን መጻፍ ብቻ መሆኑንም ያውቃል፤ ደብተርም ገዝቷል።

በመጀመሪያ የመረጠው ሌሊቱን ሳይሆን ማታውን፣ ከራት በኋላ ያለውን ጊዜ ነበር። ይህም ከላይ በተናገርነው ምክንያት በአራት ቀን ቆመ። ቀጥሎ ቆራሌ ብረት ይዞ በመጣ ቁጥር የከፈለውን ወዲያው ሊጽፍ አሰበ። አሳቡ ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ገንዘቡ ሲወጣ ሒሳቡ ይጻፋልና። ነገር ግን ቆራሌው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ በሌላው ቀን ፈጽሞ አይመጣም። ሲመጣም ክርክር አለ፤ ወዳጃችንም በአንድ እጁ ብረት፣ በሌላው መዶሻ ይዟል፤ ጣቶቹም በጥላሸትና በዘይት የጠቆሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የረፋዱን ቡና ሞከረ። ቡናው በእርግጥ አይቀርም፤ ዳሩ ግን መጨረሻው አይታወቅም። ጨዋታው አንድ ቀን በሩብ ሰዓት፣ ሌላ ቀን በአንድ ሰዓት ያበቃል፤ የሚያበቃውም ደንበኛ ሲጣራ ስለሆነ ወዲያው ወደ ደንበኛው መሮጥ ነው።

እነዚህ ሦስት ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ የሚመረጠው አሮጌ ልማድ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ያስረዳሉ። አዲሱ ሥራ በሚፈለግበት መጠን የሚደጋገም መሆን አለበት፤ በቀን አንድ ጊዜ ለሚጻፍ ሒሳብ በቀን አንድ ጊዜ የሚሆን ልማድ ይፈለግለታል። ፍጻሜው በዓይን የሚታይ ወይም በእጅ የሚዳሰስ መሆን አለበት። ያ ፍጻሜ በደረሰበት ደቂቃም እጅ፣ ቦታና አሳብ ለአዲሱ ሥራ ነጻ መሆን አለባቸው።

እንግዲህ ወዳጃችን ሱቁን ሲዘጋ የሚያደርገውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲነግረን ጠየቅነው። መቀሱንና መዶሻውን ቆጥሮ ከሣጥን ያስገባል፤ ያልተሸጡትን ምድጃዎች ወደ ውስጥ ይደረድራል፤ በሳሙና እጁን ታጥቦ በፎጣ ያደርቃል፤ ፎጣውን ከምስማር ላይ ይሰቅላል፤ በሩን ይቆልፋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ «አሁን ደግሞ ምን ቀረኝ?» ብሎ አያውቅም። ከአምስቱ ሥራዎች የትኛው ለደብተሩ እንደሚስማማ አብረን ተመለከትን። ከመታጠቡ በፊት ቢሆን ወረቀቱ ይጠቁራል፤ ከቆለፈ በኋላ ቢሆን አሳቡ ከታክሲው ሰልፍ ላይ ነው። የቀረው ፎጣውን የሚሰቅልበት ደቂቃ ነበር፤ እጁ ንጹሕ ነው፤ ሥራው አልቋል፤ በሩ ግን ገና ክፍት ነው።

ስለዚህ ደብተሩን በሲባጎ አስሮ ከፎጣው ምስማር ላይ ሰቀለው፤ እስክሪብቶውንም ከደብተሩ ጋር አሰረው። ውሳኔውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አደረገው፤ «ፎጣውን ስሰቅል ደብተሩን አወርዳለሁ» የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ «ሞክሬ»፣ «ሲመቸኝ» ወይም «በየማታው» የሚል ቃል እንደሌለ አንባቢ ያስተውል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚጽፈው አንድ ቁጥር፣ ማለት የዕለቱን ሽያጭ ብቻ ነበር። ይህ እየቀለለው በሄደ ጊዜ ለብረት የከፈለውንና ለቤት ያወጣውን ጨመረበት። ለምሳሌ 2,600 ብር ሸጦ፣ ለብረት 1,850 ብር ከፍሎ፣ ለቤት 300 ብር ካወጣ፣ በኪሱ ውስጥ ከጧቱ 450 ብር ብልጫ መገኘት አለበት። ቁጥሩና ኪሱ ሲስማሙ ደስ ይለዋል፤ ባይስማሙም የጎደለው ከዚያው ቀን ስለሆነ ያስታውሰዋል። ይህ ወዲያው የሚገኝ ዋጋ ልማዱን ያጸናዋል፤ በወር መጨረሻ ብቻ የሚታይ ጥቅም ግን ለዛሬ እጅ ኃይል አይሰጥም።

የሁለቱ ሥራዎች ቅደም ተከተል ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት 50 ሰዎች ጥርሳቸውን በክር ማጽዳት እንዲለምዱ ተደረገ፤ እኩሌቶቹ ከመቦረሻቸው በፊት፣ እኩሌቶቹ ከቦረሹ በኋላ እንዲያደርጉት ታዘዙ። ከስምንት ወር በኋላ ሲታይ ልማዱ ጠንክሮ የተገኘው ከቦረሹ በኋላ ባደረጉት ዘንድ ነው። ሰዎቹ ጥቂት ስለሆኑ በዚህ ብቻ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ምክንያቱ ግን ይገባል። ያለቀ ሥራ ቀጣዩን ይጠራል፤ ገና ያልተጀመረ ሥራ ግን ከፊቱ መቅደም የሚገባው ነገር እንዳለ አያስታውስም።

ስንት ቀን ይፈጃል የሚለው ጥያቄም ተደጋግሞ ይነሣል። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ96 ሰዎች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቀላል ሥራ መርጦ ለ84 ቀናት በየቀኑ ከአንድ የተወሰነ ሁኔታ ጋር እንዲያያይዝ ያደረገ ነበር። ስሌቱ በሚገባ በሠራላቸው 39 ሰዎች ዘንድ ልማዱ የሚጸናበት መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሆነ፤ ልዩነቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል፤ ከ84 በላይ ያለው ቁጥርም በስሌት የተገመተ እንጂ በዓይን የታየ አይደለም። ስለዚህ 66 ቀን እንደ ቀነ ቀጠሮ ሊቆጠር አይገባውም። ከዚህ የሚጠቅመን ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን እድገት ብዙም አልጎዳውም። ወዳጃችንም ሱቁ በተዘጋበት በዓል ቀን አልጻፈም፤ እጁን በሱቁ አልታጠበምና። የዘለለውን ከግምት ሊሞላ አልደከመም፤ በሚቀጥለው ቀን ፎጣውን ሲሰቅል ደብተሩን አወረደ። ልማዱ መጽናቱን ያወቅነውም ደብተሩ ሞልቶ አዲስ እስኪገዛ ድረስ ምስማሩ ባዶ በነበረበት ማታ ነው፤ ፎጣውን ሰቅሎ እጁ ወደ ባዶው ምስማር ተዘረጋ።

ዘዴው ወሰን አለው። ሦስት ቁጥር መጻፍ ሳይታሰብ ሊሠራ ይችላል፤ የወሩን ሒሳብ ደምሮ የምድጃ ዋጋ መጨመር አለመጨመሩን መወሰን ግን ማሰብን ይጠይቃል፤ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣም ስለሆነ እጅ አይለምደውም። ለዚህ ወዳጃችን የእቁቡን ቀን ቀጠረለት፤ ቀጠሮም ቀጠሮ እንጂ ልማድ አይደለም። ደግሞም አንዱ ልማድ ሳይጸና ሌላውን በላዩ መጫን አይገባም። ረዳቱ ከደብተሩ ቀጥሎ ሱቁን መጥረግና መቀሱን መሳልም ይጨመር ባለ ጊዜ መዝጊያው ሰዓት ረዘመ፤ ሦስቱም አንድ ላይ መጓደል ጀመሩ፤ ሁለቱ ሲወገዱ ደብተሩ ተመለሰ። ሊተዉት በሚፈልጉት ልማድ ላይም መልካሙን ማሰር አይበጅም፤ ሲጋራ ሲያጨስ መጽሐፍ ማንበብ የለመደ ሰው ሲጋራውን በተወ ቀን መጽሐፉም ይረሳዋል።

በስድስተኛው ወር ደብተሩ ለወዳጃችን የጠረጠረውን ነገረው። ትልልቆቹ ምድጃዎች ብዙ ብር ቢያስገቡም የሚፈጁት በርሜል የሚተርፈውን ይበላው ነበር፤ የእቁቡን ክፍያ የሚሸፍኑት ትንንሾቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ትልቁን ያለ ትእዛዝ አልሠራም። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን አጥፍቶ ዳስተሩን ሲያስቀምጥ፣ የቢሮው ሠራተኛ ጧት ካፖርቱን ሲሰቅል፣ ተማሪውም ምሳውን በልቶ ሳህኑን ሲያነሣ፣ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ያለቀ ሥራ በእጁ አለው። የሚጨምረውን ከመምረጡ በፊት ያንን ፍጻሜ ፈልጎ ያግኝ፤ የሚያስፈልገውንም ዕቃ ከእጁ በማይርቅ ምስማር ላይ ይስቀለው።