እየተከራየሁ ቤቴን ገዛሁ ብዬ ነበር

የምጽፍላችሁ ከወደ አሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። ታሪኬ እንደ ብዙዎቹ የዚህ ገጽ ታሪኮች የፍቅር አይደለም፤ የቤት ነው። ግን እመኑኝ፣ ቤትም ያስለቅሳል። አገር ቤት ሆናችሁ ለመምጣት የምታስቡም፣ እዚህ ያሉ ወንድም እህት ያላችሁም አንብቡና ለሚመለከተው ንገሩልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እኔና ባለቤቴ በአንዲት አፓርታማ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ቤት ለመግዛት ባንክ ሄድንና ክሬዲታችን ገና ስላልጠነከረ «ሁለት ዓመት ቆዩ» ተባልን። በዚህ መሀል ነው የምናውቃቸው አንድ ጋሼ የመጡት። ሁለተኛ ቤት አላቸው፤ ባለ ሦስት መኝታ።

«ልጄ፣ እስከ መቼ የሰው ጎተራ ትሞላለህ?» አሉኝ። «የኔን ቤት ተከራየው፤ ከኪራዩ ላይ እየተቀነሰ ለዋጋው ይያዝልሃል። ሁለት ዓመት ሲሞላህ ባንክ ያበድርሃል፣ ቤቱ ያንተ ነው።»

እዚህ አገር ይኼንን «ሬንት ቱ ኦውን» ይሉታል። ምን ልበላችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በደስታ!

ሒሳቡ እንዲህ ነበር

የቤቱ ዋጋ 320,000 ዶላር ሆኖ ለሁለት ዓመት ተቆረጠ። ስንገባ 8,000 ዶላር ከፈልን፤ «የኦፕሽን ክፍያ» ይባላል። ኪራዩ በወር 2,500 ሲሆን ከእሱ ውስጥ 400 ዶላር በየወሩ «ክሬዲት» ሆኖ ይመዘገብልናል። 24 ወር በ400 ሲባዛ 9,600 ይመጣል። ከ8,000ው ጋር 17,600 ዶላር ማለት ነው። በዚያው ቀን በልቤ መጋረጃውን ሰቅዬ ጨረስኩ።

አሁን ሳስበው ሦስት ነገር አልገባኝም ነበር።

አንደኛው የ8,000 ዶላሩ ነገር ነው። እኔ ቀብድ መስሎኝ ነበር። በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሁለቱንም የሚይዝ ነገር ነው። የኦፕሽን ክፍያ ግን ሌላ ነው። ቤቱን በተቆረጠው ዋጋ የመግዛት መብት ዋጋ ነው። ሻጩ እስከዚያው ለሌላ አይሸጥም፤ አንተ ካልገዛህ ግን ገንዘቡ አይመለስም።

ሁለተኛው የ400ው ነገር ነው። እንደኛ ያለ ቤት በዚያ ሰፈር በ2,200 ይከራይ ነበር። እኔ 2,500 ስከፍል 300 ዶላሩን በየወሩ ከኪሴ እየጨመርኩ ነው። ከ400ው ውስጥ የጋሼ ችሮታ 100 ብቻ ነበር! ባንኩም የሚያየው ይኼንኑ ነው። ቤቱን የሚገምተው ባለሙያ የሰፈሩን ኪራይ ይጽፋል፤ ባንኩም ከዚያ በላይ የከፈልከውን ብቻ ነው ለቅድሚያ ክፍያ የሚቆጥርልህ። ውሉ ላይ 400 ይጻፍ እንጂ ለባንኩ 300 ነው። ኪራይህ ከሰፈሩ ኪራይ እኩል ከሆነ ደግሞ ለቅድሚያ ክፍያ የሚቆጠርልህ የለም። በዚያ ላይ መክፈልህን በቼክ ማሳየት አለብህ። እኔ ግን ጋሼን አምኜ ሁለት ጊዜ በካሽ ሰጥቻለሁ፤ ያለ ደረሰኝ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። የውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት «ይህ የግዢ ውል አይደለም» የሚል ተጽፎ ነበር። የሜሪላንድ ሕግ እንዲህ ያለ ውል ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል እንዲጻፍ ያስገድዳል። አየሁት። አነበብኩት። «የወረቀት ወግ ነው» ብዬ ዘለልኩት። ስድስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ፣ ኪራይ ከወሩ 5ኛ ቀን ካለፈ የዚያ ወር ክሬዲት ይቀራል፤ ተከራዩ ግዴታውን ባለመክፈል ክስ ከቀረበበት የመግዛት መብቱና ክሬዲቱ በሙሉ ይቀራል ይላል። እኛ 5 ቀን የምትባለውን እንጂ ቀሪውን ልብ አላልነውም።

ከዚያማ...

16 ወር ኖርን። ቤቱ የኛ ነው ብለን ጓሮው ላይ ጎመን ተከልን። የውሃ ማሞቂያው ሲበላሽ እኛ አስቀየርን፤ ውሉ «ጥገና የተከራዩ ነው» ይላላ! በ9ኛው ወር ደመወዝ ዘገየብኝና ኪራዩን በ7ኛው ቀን ሰጠኋቸው። ጋሼ «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። የዚያ ወር 400 ግን ከመዝገቡ ወጣ።

በ2022 መስከረም ወር ላይ ባለቤቴ ታመመች። ሆስፒታል ገባች፤ ሥራ አቆመች። እኔም እሷን ለማስታመም የሌሊት ሥራ ቀነስኩ። የጥቅምት ኪራይ ሲደርስ እጃችን ላይ ግማሹ ብቻ ነበር። ለጋሼ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ወር ይታገሱኝ።»

«ልጄ፣ እኔም የባንክ ዕዳ አለብኝ። ጠበቃዬን አናግረው።»

ጠበቃ! ያን ጊዜ ነው ሆዴ የተላወሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰው ከባንክ ተበድሮ ቤት ገዝቶ መክፈል ሲያቅተው፣ በሜሪላንድ ባንኩ ቤቱን ለማስሸጥ ፍርድ ቤት ለመሄድ ቢያንስ 90 ቀን መጠበቅ አለበት፤ አስቀድሞም በጽሑፍ ማስጠንቀቅ አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ይሯሯጣል፣ ይደራደራል። እኔ ግን በሕግ ዓይን ገዢ ሳልሆን ተከራይ ነበርኩ። ለተከራይ የሚሰጠው የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ክስ ይቀርባል፤ ዳኛው በዋናነት የሚጠይቀው «ኪራዩ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?» ብሎ ነው። ጎመኑን፣ ማሞቂያውን፣ 8,000ውን ማን ይጠይቃል?

ዕቁብተኞቼ ደረሱልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ተራዬ ሳይደርስ ሰጡኝና ከቀጠሮው በፊት ኪራዩንም ቅጣቱንም ከፈልኩ። ቅጣቱ በሕጉ ከኪራዩ 5 በመቶ አይበልጥም፤ 125 ዶላር ነበር። ክሱ ተዘጋ፤ ከመባረር ዳንን። «ተመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ከጠበቃው ደብዳቤ መጣ። ክስ ስለቀረበብህ የመግዛት መብትህ ቀርቷል፤ በተከራይነት ግን መቀጠል ትችላለህ ይላል። በዚያው በ2,500!

ቁጭ ብዬ ደመርኩት። 8,000 የኦፕሽኑ፤ በ16 ወር ከሰፈሩ ኪራይ በላይ የከፈልኩት ደግሞ 4,800። በድምሩ 12,800 ዶላር ሄደ። ያ ቤት ያን ጊዜ 360,000 ዶላር ያወጣ ነበር። እኔ ልገዛው የነበረው በ320,000 ነው። ጋሼን ክፉ ሰው ናቸው አልላችሁም፤ ግን የኔ አንድ ወር መዘግየት ለእሳቸው 40,000 ዶላር ያወጣ ነበር። የሌላው ሰው ትርፍ ያንተ መውደቅ ላይ ሲሆን «አይዞህ ልጄ» አያድንም።

የሌላዋ እህት ብልሃት

የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ የሆነች አንዲት እህት በኛ ሳቢያ ተማረች። በ2022 መጨረሻ ላይ እሷም እንዲሁ ያለ ቤት አገኘች። ከመፈረሟ በፊት ግን ወረቀቱን የራሷ ጠበቃ ጋ ይዛ ሄደች። የሻጩ ጠበቃ የሻጩ ነው፤ ይኼንን አትርሱ።

ጠበቃዋ መጀመሪያ የውሉን ዓይነት አየላት። የቀረበላት «መግዛት ትችላለች» ሳይሆን «ትገዛለች» የሚል ነበር። ይኼኛው «ሊዝ ፐርቼዝ» ይባላል። በኦፕሽኑ ዓይነት ባንክ ብድር ቢከለክላት ገንዘቧን አጥታ ትሄዳለች። በዚህኛው ግን ውል አፍርሰሻል ተብላ ልትከሰስም ትችላለች። ወደ ኦፕሽን አስቀየራት።

ቀጥሎ የመዘግየቱን አንቀጽ አስለወጠ። ብትዘገይ የዚያ ወር ክሬዲት ብቻ ይቀራል። የመግዛት መብቷን ለማስቀረት ሻጩ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ አለበት፤ እሷም ለማስተካከል 30 ቀን አላት። ልብ በሉ፣ እኔ ይቺ አንቀጽ ብቻ ብትኖረኝ ኖሮ ዛሬ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ! ጥቅምትን ዘግይቼም ቢሆን ከፍያለሁና።

በመጨረሻም ሻጩ ራሱ ቤቱ ላይ ያለበትን ዕዳ አጣራላትና የመብቷን ማስታወሻ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ውስጥ አስመዘገበላት። ተከራይ በየወሩ ቢከፍልም ሻጩ ለባንኩ ካልከፈለ ባንኩ ቤቱን ይወስዳል። ምዝገባው ሻጩ ቤቱን ለሌላ እንዳይሸጥባት፣ አዲስ ዕዳም ከእሷ መብት እንዳይቀድም ይረዳታል። ከምዝገባው በፊት ከነበረ የባንክ ዕዳ ግን አያድናትም። ስለዚህ ሻጩ ለባንኩ የከፈለበትን ማስረጃ በየሦስት ወሩ እንዲያሳያት ውሉ ላይ አስጻፈች።

ኪራይዋን ሁልጊዜ በቼክ፣ ከወሩ መጀመሪያ ሁለት ቀን አስቀድማ ትልክ ነበር። የሦስት ወር ኪራይም ለክፉ ቀን ብላ ሳትነካው አስቀመጠች። በ2024 ባንክ አበደራትና ስሟ ቁልፉ ላይ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ገባ።

እኛስ? ባለቤቴ ድናለች፤ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። ከዚያ ቤት ወጥተን በ1,900 አፓርታማ ተከራየን። ከ2,500ው የተረፈውን 600 በየወሩ በራሳችን ስም ባንክ እናስቀምጣለን። ይኼ ክሬዲት ብንዘገይም አይቀርብንም።

ጎመኑን ግን ሳንቀጥፈው ነው የወጣነው። ሌላ ሰው ይብላው። ቸር ያሰማን!