እትዬና ሶዲየም የሌለው ጨው

ታላቅ እህቴን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ለዓመታት የቆየባቸው የደም ግፊት ኩላሊታቸውን ስለጎዳው ሐኪማቸው ጨው እንዲቀንሱ አዘዟቸው። ለእትዬ ጨው የሌለው ሽሮ ማለት ቅጣት ነው። ልጃቸው ከሜሪላንድ ለፋሲካ ስትመጣ ታዲያ መፍትሔ ይዛ መጣች፤ መልኩም ጣዕሙም ጨው የሚመስል፣ ከፊቱ ላይ በትልቁ «ሶዲየም የሌለው» የሚል የተጻፈበት ዕቃ። እኔም ደስ ብሎኝ አመሰገንኳት። ዕድሜዬን በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝና፣ እኔ ያመሰገንኩትን ማን ይጠራጠራል?

በወሩ ለክትትል ሲሄዱ የደማቸው ፖታሲየም 6.1 ሆኖ ተገኘ። ጤነኛው መጠን ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው። እትዬ ምንም አላመማቸውም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ፖታሲየም ሲበዛ ምልክት ሳያሳይ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ወዲያው የልብ ምርመራ ተደረገላቸው፣ ደማቸውም እንደገና ታየ፣ መድኃኒትም ተሰጣቸው። ሐኪሙ «ሰሞኑን ምን አዲስ ነገር በሉ?» ሲሏቸው እትዬ ኮራ ብለው «ኧረ ምንም! ጨው እንኳ ትቻለሁ» አሉ።

ያን ማታ መነጽሬን አድርጌ ዕቃውን አዞርኩት። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው «ፖታሲየም ክሎራይድ» ይላል። በሩብ የሻይ ማንኪያ ውስጥ ከ600 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሲየም አለው። ሶዲየሙን አውጥተው በቦታው ፖታሲየም ተክተዋል ማለት ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል፤ የእትዬ ኩላሊት ግን አቅም የለውም። በዚያ ላይ ለግፊታቸው የሚወስዱት ኢናላፕሪልም ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ የማቆየት ጠባይ አለው። ይህን ከማንም በላይ እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ የእትዬን ጓዳ አንድ በአንድ አነበብኩት። ይኸው ፖታሲየም ክሎራይድ «ጨው የቀነሰ» በሚባሉ ሾርባዎችና የሾርባ ቅመሞች ውስጥም ይገባል። ከአውሮፓ በሚመጡት ላይ አንዳንዴ በስሙ ፈንታ ኢ የምትለው የእንግሊዝኛ ፊደልና 508 ቁጥር ብቻ ይጻፋል። የአሜሪካ ምርቶች የፖታሲየሙን መጠን በሠንጠረዡ ላይ ያሳያሉ። በአውሮፓዎቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ አልተጻፈም ማለት ደግሞ ፖታሲየም የለውም ማለት አይደለም።

ሶዲየሙን ማወቅ ትንሽ ሒሳብ ይጠይቃል። አንዱ ሾርባ «ጨው፦ በ100 ሚሊ ሊትር 1 ግራም» ይላል፤ ትንሽ ይመስላል። የእትዬ ጎድጓዳ ሳህን ግን 250 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ጨዉ 2.5 ግራም ይሆናል። አንድ ግራም ጨው ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም አለ፤ ስለዚህ በአንድ ሳህን 1000 ሚሊ ግራም ጠጡ ማለት ነው። ሐኪማቸው ለቀኑ የፈቀዱላቸው 2000 ነው። ግማሹ በአንድ ሾርባ አለቀ! የአገራችን የታሸገ ሽሮ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሠንጠረዥም የለም፤ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ ነው፤ እኔ አሁን ራሴ አስፈጫለሁ።

ያስቸገረኝ ፎስፈረስ ነው። ሲጠራቀም አጥንት ያሳሳል፣ የደም ሥር ያደድራል፤ መጠኑን በማሸጊያው ላይ መጻፍ ግን እዚያም እዚህም ግዴታ አይደለም። ሊገኝ የሚችለው ከምን ከምን እንደተሠራ በሚዘረዝረው ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ነው። እትዬ በጣም የሚወዱትን ባለሦስት ማዕዘኑን አይብ ሳነብ ፎስፌት ሁለት ቦታ ተጽፏል። ሞርታዴላውም አለው፣ ጥቁሩ ኮላም አለው። በቁጥር ሲጻፍ ከኢ ቀጥሎ ከ338 እስከ 341፣ ወይም ከ450 እስከ 452 ያለውን ትመለከታላችሁ። ምስርና ባቄላም ፎስፈረስ አላቸው፤ ሰውነት ከእነሱ የሚወስደው ግን ከፊሉን ነው። በፋብሪካ የተጨመረውን አብዛኛውን ይወስደዋል። ስለዚህ ምስሩን ትቼ አይቡን ከለከልኳቸው፤ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩላሊቱ የታመመ ሁሉ ፖታሲየም ይቀንስ ማለት አይደለም፤ የደም ምርመራው ዝቅ ያለ የሚሆንባቸው ሕሙማንም አሉ። የላቦራቶሪ ወረቀታችሁን ሳታዩና ሐኪማችሁን ሳታማክሩ የእትዬን ክልከላ ለራሳችሁ እንዳትወስዱት።

ያ ዕቃ ከቤት ከወጣ ወዲህ በተደረገው ምርመራ ፖታሲየማቸው 4.8 ሆነ። ለሽሮው ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ በዛ እያደረግሁ ነው፤ «ይሁን እስቲ» እያሉ ይበሉታል። እንግሊዝኛ አያነቡምና አራት ፊደል ብቻ በወረቀት ጽፌ አስይዣቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከሱቅ ደወሉልኝ።

«አንቺ፣ ፒ፣ ኤች፣ ኦ... ቀጥላ እንደ እባብ የተጠማዘዘችው ናት?»

«አዎ እትዬ፣ ኤስ ናት።»

«በይ መለስኩት» ብለው ዘጉት።