የስምንት ሺህ ብር መያዣ እና የዘጠኝ ሺህ ብር ጉዳት

ወረቀቷ ከተማሪ ደብተር የተቀደደች ናት። አምስት መስመር ተጽፎባታል፤ ቀለም 4,500፣ ኮርኒስ 1,800፣ የመስኮት መስታወት 900፣ ቁልፍ 650፣ ወለል 1,200። ድምሩ 9,050 ብር ይመጣል። ተከራዩ ሲገባ ያስያዘው 8,000 ብር ነበር። ስለዚህ ሦስት ዓመት የኖረበትን ቤት ለቆ ሲወጣ መያዣው ቀርቶ 1,050 ብር ጨምር ተባለ።

ቦታው ደብረ ታቦር ነው እንበል፤ አከራይዋ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ተከራዩ መምህር። ሰዎቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ ወረቀቷ ግን ለብዙ አንባቢ አዲስ አትሆንም።

«እትዬ፣ ሦስት ዓመት የከፈልኩት ለምን ነበር?» አለ መምህሩ።

«መምህር፣ ስትገባ ግድግዳው ነጭ ነበር፤ አሁን ሂድና እየው» አሉ እሳቸው።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ኪራይ ማለት ቤቱን መጠቀም ማለት ነው፤ የተጠቀሙበት ቤት ደግሞ ያረጃል፤ የእርጅናው ዋጋ በየወሩ ከኪራዩ ጋር ተከፍሏል። መያዣ የሚነካው ከዚያ በላይ ለሆነው ብቻ ነው፤ ለሰበሩት፣ ላቃጠሉት፣ ለጠፋው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አካሄዱ ይኸው ነው። የበር፣ የመስኮት፣ የወለል፣ የቧንቧና የመጸዳጃ ቤት ጥገናን በተከራዩ ላይ ይጥልና፣ ብልሽቱ ከዕቃው ማርጀት ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ነገር ብቻ የመጣ ከሆነ ግን ተከራዩን ነጻ ያደርገዋል። ጥያቄው እንግዲህ «ተበላሽቷል ወይ?» አይደለም። «ምን አበላሸው?» ነው። ይህን ደግሞ ቤቱ ራሱ ይናገራል።

ከግድግዳው እንጀምር፤ ትልቁ ብር ያለው እዚያ ነው። የደብረ ታቦር ክረምት ብርቱ ነው፤ ቤቱም የጭቃ ቤት ነው፣ በላዩ ተለስኖ ቀለም የተቀባ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ሦስት ዓይነት እድፍ ይወጣል፤ ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ ያው «ቆሽሿል» ናቸው። ከመሬት ተነስቶ እስከ ጉልበት ድረስ የሚወጣ፣ ቀለሙን የሚያነሳ፣ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር የሚተው ከመሠረቱ የመጣ እርጥበት ነው፤ የአከራይዋ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ጫፉ ቡናማ መስመር ያለው ደግሞ የጣሪያ ፍሳሽ ነው፤ እሱም የእሳቸው ነው። ሦስተኛው ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ፣ በጣት ሲነካ ጥቁር የሚለቅ ነው። ይኼ የከሰል ጭስ ነው። ማብሰያ ክፍል ለብቻው እያለ ምድጃውን ብርዱን ሸሽቶ መኝታ ክፍል ካስገባ፣ ጥቀርሻው የተከራዩ ነው።

በመምህሩ ቤት ሲታይ አራቱም ግድግዳ ደብዝዟል፤ ጭስ ያለው ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ደብዛዛነቱ እርጅና ነው፤ ማንም ቢኖርበት ይመጣል። አከራይዋ የጻፉት 4,500 ግን የአራቱንም ግድግዳና የኮሪደሩን ነው። ለአንዱ ግድግዳ ቀለምና የሠራተኛ 1,200 ብር ይበቃል። እሱም ቢሆን ሙሉው አይጠየቅም። ቤቱ የተቀባው መምህሩ ሊገባ ሲል ነው፤ አከራይዋ ራሳቸው በየአራት ዓመቱ እንደሚያስቀቡ ይናገራሉ። ከአራት ዓመቱ ሦስቱ አልቋል፤ ተከራዩ ያጠፋው የቀረውን አንድ ዓመት ነው፤ 300 ብር። አለዚያ አከራይዋ በአሮጌ ቀለም ምትክ አዲስ ቀለም በሰው ገንዘብ አገኙ ማለት ነው። ነገር ግን ጭስ ላይ በውኃ ቀለም ቢቀቡት ጥቁሩ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል፤ መጀመሪያ መታጠብና በዘይት ቀለም መሸፈን አለበት። ለዚህ የሚወጣው 400 ብር፣ ጭሱ ባይኖር ኖሮ ጭራሽ የማይወጣ ነው። ስለዚህ ሙሉው በተከራዩ ላይ ይሆናል። ከ4,500 ብር 700 ቀረ።

ኮርኒሱ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። እድፉ ክብ ነው፣ ዙሪያው ቡናማ፤ ከላዩ የቆርቆሮ ሚስማር ላልቷል። ዜሮ።

መስታወቱ ሌላ ነው። ልጆች በኳስ ሰበሩት፤ መምህሩም አይክድም። እዚህ ላይ «ሦስት ዓመት አርጅቶ ነበር» የሚባል ነገር የለም፤ ያልተሰበረ መስታወት አያረጅምና። 900 ብሩ ይከፈላል። ቁልፍም እንዲሁ፤ ከሦስት ቁልፍ አንዱ ጠፍቷል፣ የጠፋውን ማን እንደያዘው አይታወቅም፣ አከራይዋም የበሩን ቁልፍ ቀየሩ። 650 ብር ተገቢ ነው። በሩን በሙሉ ቢያስቀይሩ ግን አይሆንም ነበር።

ወለሉ ሊሾ ነው። መሃሉን አቋርጦ የሄደ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ሦስት ጉድጓድ። ስንጥቁ ከሥሩ መሬት ሲቀመጥ የመጣ ነው። ጉድጓዶቹ እንጨት የተፈለጠባቸው ቦታዎች ናቸው፤ የመጥረቢያው ምልክት አሁንም አለ። ወለሉን በሙሉ ማደስ 1,200፣ ጉድጓዶቹን መድፈን 350። የተከራዩ 350ው ነው።

ድምሩ 2,600 ብር ሆነ። የሚመለሰው 5,400። አከራይዋ ወረቀቷ ላይ ሳይጽፉት የቀሩት ያልተከፈለ የመብራት 420 ብር አለ፤ እሱ ከመያዣው ቢነሳ ያስኬዳል፣ ጉዳት ግን አይደለምና ለብቻው መጻፍ አለበት። ሲቀነስ 4,980 ብር።

በካሊፎርኒያ ይህ ሁሉ በሕግ ተጽፏል። አከራዩ ተከራዩ በወጣ በ21 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን መላክና ቀሪውን መመለስ አለበት፤ የተቀነሰው ከ125 ዶላር በላይ ከሆነም ደረሰኝ ያያይዛል። የደብረ ታቦር አናጢና ቀለም ቀቢ ብዙ ጊዜ ደረሰኝ አይቆርጥም። ቢሆንም የሠራውን ሥራና የተቀበለውን ብር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መፈረም ይችላል፤ «ግምት ነው» ከሚል ቃል እጅግ ይሻላል።

የኛው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይገድባል። መምህሩና አከራይዋ ግን የተዋዋሉት በደላላው ፊት በቃል ነበር። የግድግዳውን ነጭነት የሚያስረዳ አንድ ፎቶ እንኳ የላቸውም፤ የተስማሙት አከራይዋ እውነተኛ ሰው፣ መምህሩም ኳሱንና መጥረቢያውን ያልካደ ስለሆነ ብቻ ነው። አንዳቸው ቢክዱ ኖሮ የጭሱን አቅጣጫ ማንበብ ማን ሲገባ ምን እንደነበረ አይመልስም። ስንጥቁ ከመምህሩ በፊት ነበር ወይ? ኮርኒሱስ?

አከራይዋ 4,980ውን በባንክ ላኩ። ለቀጣዩ ተከራይ ቤቱን ሲያሳዩ የልጅ ልጃቸው ስልክ ይዞ ከኋላ ይከተል ነበር፤ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ኮርኒሱን፣ የበሩን አጠገብ ወለል ፎቶ እያነሳ፣ ለተከራዩም እዚያው በቴሌግራም እየላከ። ውሉ ላይ ቤቱ የተቀባበት ወርና ዓመት ተጽፏል፤ ሥሩ ደግሞ «ከሰል በማብሰያ ክፍል ብቻ» ይላል።