«ቧንቧ ሠራተኛ የሚያውቅ?»

በሽንዲ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ይህችን አንዲት መስመር ሳይ ጠያቂው ያሳዝነኛል። ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ አዲስ አበባም የሚኖር ሰው ያነባታል፤ የት ከተማ፣ ምን ተበላሽቶ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ከመጻፋችሁ በፊት ውሃ ባለበት ሰዓት የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። ከዞረ፣ የሚያፈሰው ከቆጣሪው ወዲህ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ነው። ቆጣሪው ቆሞ መንገድ ዳር ከረጠበ ግን መጀመሪያ ለከተማው ውሃ አገልግሎት አመልክቱ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ወገኖቼ፣ ቤቴ ሽንዲ ነው። ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ይዞራል፣ ግድግዳውም ረጥቧል። መስመሩ ፒፒአር ነው። ውሃ የሚመጣው ማታ ማታ ነው። ዕቃውን እኔ እገዛለሁ። እናንተ ቤት ሠርቶ ያያችሁት፣ ከቡሬም ቢሆን የሚመጣ ሰው ካለ ጠቁሙኝ። ስልኩን አስፈቅዳችሁ በውስጥ ላኩልኝ።»

የቧንቧውን ዓይነት መጻፍ ትርፍ ነገር አይደለም። ፒፒአር በሙቀት ማሽን ይጣበቃል፣ የብረቱ ጥርስ ወጥቶለት ይገጠማል፤ ማሽን የሌለው ባለሙያ ከቡሬ ድረስ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ የመኪናውንም እናንተ ትከፍላላችሁ።

«ጎበዝ ነው» ላለ ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የሠራልህ ምን ነበር፣ እስከ ዛሬስ ሳያፈስ ቆየ?