ሳያስታውሱ የቆረጡትን ገንዘብ እንዴት እናስመልስ?

የዓመት ሰብስክሪፕሽን ማስታወሻ ሳይላክልን በራሱ ታድሶ ከካርዳችን ገንዘብ ሲቆረጥ፣ ብዙዎቻችን «አንዴ ሄዷል» ብለን እንተወዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ በንዴት ረጅም ደብዳቤ እንጽፋለን። ሁለቱም ገንዘቡን አያስመልሱም። ገንዘቡን የሚያስመልሰው አጭር፣ እውነተኛና መረጃው የተሟላ መልእክት ነው። ሰሞኑን አንዲት እህታችን ይህንኑ መልእክት ስትጽፍ አብሬያት ስለነበርኩ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

እህታችን የምትኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ባለፈው ዓመት ለነርስነት ፈተና ስትዘጋጅ አንድ የጥያቄ መለማመጃ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግባ የዓመቱን 144 ዶላር ከፈለች። ፈተናውን ካለፈች ወራት ተቆጥረዋል፤ ከዚያ ወዲህም ድረ ገጹን ከፍታው አታውቅም። ማርች 3 ቀን 144 ዶላር እንደገና መቆረጡን የነገራት ባንኳ ነው። ከድርጅቱ የመጣላት ነገር ቢኖር ገንዘቡ ከተወሰደ በኋላ የተላከ ደረሰኝ ብቻ ነበር።

ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገሮችን አጣራን።

የመጀመሪያው ገንዘቡን የወሰደው ማን እንደሆነ ነው። ባንኩ ላይ የሚታየው ስም የድርጅቱ ከሆነ የሚጻፈው ለድርጅቱ ነው። APPLE.COM/BILL የሚል ከሆነ ግን ገንዘቡን የያዘው አፕል ስለሆነ፣ መተግበሪያውን የሠራው ድርጅት ቢፈልግ እንኳ ሊመልስላችሁ አይችልም፤ ጥያቄው reportaproblem.apple.com ላይ ነው የሚቀርበው። ይህን ሳያዩ ለተሳሳተው ወገን እየጻፉ ሳምንታት የሚያባክኑ ብዙ ሰዎች አሉ። የእህታችን ክፍያ በቀጥታ ለድርጅቱ የሄደ ነበር።

ሁለተኛው ማስታወሻው በእርግጥ አለመምጣቱን ማረጋገጥ ነው። በድርጅቱ ስም ኢሜይሏን ሙሉውን ፈለግን፤ ስፓሙንም፣ ማስታወቂያዎች የሚጠራቀሙበትን ክፍልም፣ የተሰረዙትንም አየን። መለያዋ ውስጥ ገብተንም የተመዘገበው አድራሻ አሁን የምትጠቀምበት መሆኑን አረጋገጥን። ይህ ድካም ከንቱ አይደለም። «ምንም አልደረሰኝም» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ድርጅቱ የላከበትን ቀን ቢያሳያችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትሉት ሁሉ ክብደት ያጣል።

ሦስተኛው እድሳቱን ማጥፋት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የሚጠፋው Auto-renew የሚለው ነው እንጂ Delete account የሚለው አይነካም። መለያው ከጠፋ የክፍያ ታሪኩና የደረሰኝ ቁጥሩ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ፤ የሰፖርት ሠራተኛውም የሚመልስበትን መዝገብ ላያገኝ ይችላል። እድሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ የሚመጣውን ማረጋገጫ ፎቶ አንሱት። ከዚያም አገልግሎቱን አትንኩት። «ከከፈልኩ አይቀር» ብሎ አንድ ፋይል ማውረድ ወይም አንድ ትምህርት መክፈት በድርጅቱ በኩል ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ለመከልከልም ምክንያት ይሆናል።

አሁን ወደ መልእክቱ። በመጀመሪያ ደረጃ የሚያነበው ሰው በቀን ብዙ ጥያቄ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ነው። ድርጅቱን የሚወክል ቢሆንም ብሩን የወሰደው እሱ አይደለም። እሱ የሚፈልገው መለያውን ለማግኘት፣ ክፍያውን ለመለየት፣ ከእድሳቱ በኋላ አገልግሎት ላይ መዋል አለመዋሉን ለማየትና ምን እንደተጠየቀ ለማወቅ የሚበቃ መረጃ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መልሶ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ቀናት ይበላል። ሁሉም ካለ እዚያው ሊወስን ይችላል።

የላክነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይዘቱ ግን ይህ ነበር፦

«ሰላም። መለያዬ በዚህ ኢሜይል የተመዘገበው ነው። ማርች 3 ቀን የዓመት ክፍያዬ በራሱ ታድሶ 144 ዶላር ከካርዴ ተቆርጧል። የደረሰኙ ቁጥርና የካርዱ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ከታች አሉ። ከመታደሱ በፊት ማስታወሻ አልደረሰኝም፤ ስፓምን ጨምሮ ኢሜይሌን በሙሉ ፈልጌያለሁ። ከታደሰ በኋላ አገልግሎቱን አልተጠቀምኩበትም። ዛሬ ማርች 4 ቀን እድሳቱን አጥፍቻለሁ። 144 ዶላሩ በሙሉ ወደዚያው ካርድ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። እስከ ማርች 11 ድረስ ውሳኔያችሁን በጽሑፍ ብታሳውቁኝ አመሰግናለሁ።»

በዚህ መልእክት ውስጥ ያልተጻፉትንም ልብ በሉ። «እኔ አልተመዘገብኩም» የሚል የለም። ተመዝግባለችና ውሸት ነው፤ ጉዳዩንም ወደ ካርድ ስርቆት ምርመራ ይወስደዋል፤ እዚያ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ራሱ ይመሰክርባታል። «ሌቦች ናችሁ» የሚል የለም። «ባንኬን አዝዤ አስመልሰዋለሁ» የሚል ማስፈራሪያም የለም፤ ይህን የሰማ ሠራተኛ ጉዳዩን ለሌላ ክፍል አስተላልፎ እጁን ሊያነሳ ይችላል። «የተወሰነውን እንኳ ብትመልሱልኝ» የሚልም የለም። ሙሉውን የሚጠይቅ ሰው ግማሹ ሊቀርብለት ይችላል፤ ግማሹን የሚጠይቅ ግን ሙሉውን አያገኝም።

መልሱ በማግስቱ መጣ። የዓመት ክፍያ በውላችን መሠረት አይመለስም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ግን ቅናሽ እናደርግልሻለን የሚል ነበር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። የመጀመሪያው እምቢታ ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው፤ የጉዳዩን ዝርዝር ያየ ሰው ውሳኔ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ መልእክት ይጻፋል፤ ሕግም የሚጠቀሰው በዚህኛው ነው።

ስለ ሕጉ እውነቱን እንነጋገር። በ2010 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በኢንተርኔት ለሚሸጥ ሰብስክሪፕሽን ግልጽ መግለጫ፣ የገዢውን ፈቃድና ቀላል መሰረዣ ይጠይቃል እንጂ ከእድሳት በፊት ማስታወሻ ይላክ አይልም። ማስታወሻን የሚያዙት አንዳንድ ግዛቶች ናቸው። የዲሲ ሕግ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ የመጀመሪያው ውል 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ መሰረዝ የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን ከመድረሱ ከ60 እስከ 30 ቀን ቀደም ብሎ ማስታወሻ መላክ አለበት። ካልተላከ እድሳቱ ዋጋ የለውም፤ ውሉም በጊዜው ማብቂያ ያበቃል። ካሊፎርኒያም ለዓመት ውሎች ማስታወሻ ያዛል። ነገር ግን ሕጉ የየግዛቱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ለሥራ ዲሲ ስለሚመላለስ ብቻ የዲሲን ሕግ ቢጠቅስ አያስኬደውም፤ የራሱን ግዛት ይመልከት።

ግዛታችሁ እንዲህ ዓይነት ሕግ ባይኖረው የካርዱ ደንብ ሊረዳ ይችላል። ማስተርካርድ ከ2022 ጀምሮ፣ ከስድስት ወር በላይ እየቆየ የሚቆረጥ ክፍያ ያላቸው ነጋዴዎች ከ7 እስከ 30 ቀን አስቀድመው ማስታወሻ እንዲልኩ ይጠይቃል። ይህ በነጋዴውና በካርድ ኩባንያው መካከል ያለ ደንብ ቢሆንም በትሕትና ማስታወስ ይቻላል። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከማርች 1 ቀን 2022 ወዲህ ለገባችሁት ውል የተሻለ ሕግ አላችሁ፤ የመጀመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ የታደሰውን በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ትችላላችሁ።

የእህታችን ሁለተኛ መልእክት እንዲህ የሚል ነበር፦

«ስለ መልሳችሁ አመሰግናለሁ። ቅናሹን አልፈልገውም፤ የምጠይቀው የተቆረጠውን 144 ዶላር ነው። የምኖረው ዲሲ ነው። የዲሲ ሕግ ለዓመት ውል ከእድሳት በፊት ማስታወሻ እንዲላክ ያዛል። ተልኮልኝ ከሆነ የተላከበትን ቀንና የተላከበትን አድራሻ እንድታሳዩኝ እጠይቃለሁ። ካልተላከ እድሳቱ ዋጋ ስለሌለው ገንዘቡ ይመለስልኝ። ይህን መወሰን ከእርስዎ ሥልጣን በላይ ከሆነ ለኃላፊዎ ያስተላልፉልኝ።»

ከሁሉ ይበልጥ የሠራው፣ እንደማምነው፣ የተላከበትን ቀንና አድራሻ አሳዩኝ የሚለው ነው። ክርክሩን ከ«ደረሰኝ፣ አልደረሰኝም» አውጥቶ ወደ ድርጅቱ መዝገብ ይወስደዋል። የተላከ ኢሜይል በመዝገብ ይታያል፤ ያልተላከውን ማሳየት አይቻልም። የሚቀጥለው መልስ ከሌላ ሠራተኛ መጣ፦ ሙሉው ገንዘብ ይመለሳል፣ ካርዱ ላይ እስኪታይ ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል የሚል። ተመለሰም።

ባይመለስ ኖሮ የሚቀጥለው መንገድ ሁለት ነበር። አንደኛው ለዲሲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማች አቤቱታ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው በባንኩ በኩል ክፍያውን መቃወም ነው። ባንኩን የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት፤ ድርጅቱ መለያውን ሊዘጋና ውይይቱ እዚያው ሊያበቃ ይችላልና። ጊዜውን ግን አታሳልፉት። በክሬዲት ካርድ የሒሳብ ስህተት በጽሑፍ የሚቀርበው ስሕተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሁለቱ መልእክቶች ያን ጊዜ ማስረጃ ይሆናሉ፤ በስልክ ከመከራከር በጽሑፍ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛን በተለይ የሚመለከት ስለሆነ። ብዙዎቻችን አገር ቤት ላሉ ወንድሞችና እህቶች በራሳችን ካርድ እንከፍልላቸዋለን። መለያው በአዲስ አበባው ልጅ ኢሜይል፣ ካርዱ በእኛ ስም ነው። ማስታወሻ ቢላክ የሚሄደው ወደ እሱ ነው፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከእኛ ነው። ስለዚህ «አልደረሰኝም» ከማለታችሁ በፊት ልጁ የራሱን ኢሜይል ይፈልግ። የሚጽፈውም እሱ ይሁን፣ በተመዘገበበት ኢሜይል፤ ሠራተኛው መለያው የእናንተ ካልሆነ ሊያናግራችሁ አይፈቀድለት ይሆናል። እናንተ የምትሰጡት የተቆረጠበትን ቀን፣ መጠኑንና የካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ብቻ ነው። ሙሉውን የካርድ ቁጥር ለማንም አትጻፉ፤ እውነተኛ ሰፖርት አይጠይቃችሁም።

ማስታወሻ ሳይልኩ ገንዘብ መውሰድ የሰውን መርሳት ገቢ ማድረግ ነው፤ ልክ አይደለም። ዛሬ ማታ የካርዳችሁን ስቴትመንት ክፈቱ፤ የማታውቁት ወይም የረሳችሁት የዓመት ክፍያ ካገኛችሁ እድሳቱን አጥፉ፣ ከላይ ያለውን መልእክት በራሳችሁ ቀንና መጠን ሙሉና ነገ ሳትሉ ላኩት። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጻፉላቸው።