ላላለቀ ጨዋታ የተጻፈ ደብዳቤ

ያላለቀ ቤት ለገዢ ማሳየት ያስቸግራል፤ ጣሪያው ከጎደለ ተመልካቹ ግድግዳውን ትቶ ሰማዩን ያያል። እኛም አራት ተማሪዎች የሠራነውን የኮምፒዩተር እንቆቅልሽ፣ ገና ሳይፈጸም፣ በውጭ አገር ላለ አንድ አነስተኛ የጨዋታ አሳታሚ በኢሜል ለማቅረብ ስንነሣ ያከራከረን ይኸው ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ፊደል የተጻፈባቸው ድንጋዮች አሉ፤ ድንጋዩ አንድ እርምጃ በተገፋ ቁጥር ግዕዙ ካዕብ፣ ካዕቡ ሣልስ እየሆነ ይሄዳል፤ ከሳብዕ በኋላ ወደ ግዕዝ ይመለሳል። አንደኛው በር የሚከፈተው «ቤት» በሚለው ቃል ነው። በ ከቦታው ሁለት እርምጃ ይርቃል፤ ቤ ለመሆን ግን 4 ግፊት ይሻል። ስለዚህ ወደ ጎን ገፍቶ፣ ሁለት ወደ ፊት አስኪዶ፣ ወደ መሥመሩ መመለስ ይበቃል። ተም እንደዚሁ ሁለት እርምጃ ይርቃል፤ ት የሚሆነው ግን በ5 ግፊት ነው። ዙሪያ ጥምጥም ቢሄዱም ግፊቱ 4፣ 6፣ 8 እያለ በጥንድ ይጨምራል እንጂ 5 አይሆንም። ተጫዋቹ እዚህ ላይ ይቆማል። በኋላ ፊደሉ በ7 ግፊት ዞሮ እንደሚመለስ ትዝ ሲለው 5 እና 7 ይደምራል፤ በ12 ግፊት በሩ ይከፈታል።

የኢሜላችን ርእስ «እያንዳንዱ ግፊት ፊደሉን የሚለውጥበት እንቆቅልሽ፤ 24 ደረጃዎች ለመጫወት ዝግጁ» የሚል ሆነ። ከሥሩ ድንጋዩ ሲገፋ የሚያሳይ የ10 ሰከንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ቀጥሎም ጨዋታው የሚወርድበትን አድራሻ አኖርን። ሥዕሉ ሕጉን ያሳያል፤ የ12ቱን ደስታ ግን የሚያውቀው የተጫወተ ብቻ ነው።

ከመካከላችን አንዱ የጎደለውን እንሸፍነው አለ። ሌሎቻችን፣ አሳታሚው 25ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ራሱ ያገኘዋል ብለን ተከራከርን። ስለዚህ ከታሰቡት 60 ደረጃዎች 24ቱ እንዳለቁ፣ 15ቱ ሥዕል እንደሚቀራቸው፣ 21ዱ ገና በወረቀት ላይ እንዳሉ ጻፍን። ፊደላችንን የማያነብ ሰው ይጫወተዋል ወይ ለሚለውም፣ ለውጭ አገር ተማሪዎች ሰጥተን ያየነውን ገለጽን። የገባው ሰው ቆም ብሎ በጣቱ ይቈጥራል፤ ያልገባው ድንጋዩን ወዲያና ወዲህ ይገፋል። በዚህ ምልክት ደካማዎቹን ደረጃዎች ለይተን፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ደረጃዎች ጠርዝ ላይ ሰባቱን ቅርጾች በተራ ደረደርን።

የገንዘቡ ነገር ረዘም ያለ ምክር ጠየቀ። መሸጫ መደብሩ ከ100 ብር ሽያጭ በተለምዶ 30ውን ይወስዳል፤ አሳታሚውም ብዙ ጊዜ ያበደረውን አስቀድሞ ከመለሰ በኋላ ነው የሚያካፍለው። እንግዲያው የምንጠይቀው ብር ሁሉ ከነገው ድርሻችን ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ለቀሩት ደረጃዎችና ለሙዚቃው የሚበቃ የ9 ወር ወጪ ብቻ ጠየቅን፤ የጨዋታው ባለቤትነት ከእኛ ጋር እንዲቆይም በግልጽ አሰፈርን።

ሁለታችን ዘንድሮ እንመረቃለን። መልሱ ከዘገየ በወረቀት ያሉት 21 ደረጃዎች ሠሪ ያጣሉ፤ ይህንንም በኢሜሉ መጨረሻ፣ ከቀኑ ጋር፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍነው።