የሰበታ መብራት ቢጠፋ ሱሉልታ ምን አገባው?

ዋና ቢሮው መሃል አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሆነ አንድ መሥሪያ ቤት እንበል። ራውተሮቹ መንገድ የሚያሰሉት በኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. ነው፤ ሁሉም በአንድ ኤሪያ ታጭቀዋል። ሰበታ ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ መብራት ሲጠፋበት፣ ጎረቤቱ ራውተር መስመሩ መውደቁን የሚናገር መልእክት ያወጣል። ባለሙያዎቹ ኤል.ኤስ.ኤ. የሚሉት ይህ ነው። መልእክቱ ከራውተር ወደ ራውተር እየተባዛ በኤሪያው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያዳርሳል። ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ራውተርም ይቀበላል፣ መቀበሉን ያሳውቃል፣ ካርታውን ያርማል፣ አጭሩን መንገድ የሚፈልገውን የዳይክስትራ ስሌት እንደገና ይሠራል። ያን ሁሉ ለፍቶ የሚደርስበት መልስ ያው የትናንቱ ነው፤ ወደ ሰበታ የሚኬደው በአዲስ አበባ በኩል።

«አይመለከተኝም» ብሎ መተው አይችልም። በአንድ ኤሪያ ያሉ ራውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ካርታ መያዝ አለባቸው። የአንዱ ካርታ ከሌላው ከተለየ፣ ሁለቱ ፓኬቱን እርስ በርስ ሲወራወሩት ሊውሉ ይችላሉ።

* * *

መብራቱ አንዴ ጠፍቶ ቢቀር ጣጣው ቀላል ነበር። የሚያስቸግረው የሚበራና የሚጠፋ መስመር ነው። ጥፋተኛውን ለማግኘት ግን ሰበታ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ሱሉልታ ቁጭ ብሎ `show ip ospf database` ማለት ይበቃል።

```
ADV Router   Age    Seq#
10.3.0.2     1122   0x80000031
10.1.0.7     4      0x80000F00
```

ሁለቱም ራውተሮች የተነሱት ትናንት በዚሁ ሰዓት ነው እንበል። ጤነኛ ራውተር ምንም ባይለወጥ እንኳ መልእክቱን በየ30 ደቂቃው ያድሳል፤ በቀን 48 ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ተራ ቁጥር ወደ አሥር ቤት ሲመለስ 49 ስለሚሆን ጤነኛ ነው። ሁለተኛው 3840 ደርሷል፤ ዕድሜው ደግሞ ገና 4 ሰከንድ። መስመሩ ሲወድቅና ሲነሳ ነው የዋለው፤ እያንዳንዷን መውደቅ ሱሉልታ አብሮ ቆጥሯል።

* * *

ብዙ ሰው አዲስ አበባን ኤሪያ 0፣ ሰበታን ኤሪያ 1፣ ቡራዩን ኤሪያ 2፣ ሱሉልታን ኤሪያ 3 ብሎ ከከፈለ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ያለቀው ግማሹ ነው። እርግጥ የሰበታ ዝርዝር ካርታ ከእንግዲህ ከሰበታ አይወጣም፤ የሱሉልታም ራውተሮች ለሰበታ ሲሉ ሙሉውን ስሌት አይደግሙም። ነገር ግን በሁለት ኤሪያ ድንበር ላይ የቆመው ራውተር፣ በውስጥ ለሚያውቃቸው ለእያንዳንዳቸው ኔትዎርኮች አንዳንድ ማጠቃለያ መልእክት ወደ ውጭ ይልካል። አንዷ ትንሽ ኔትዎርክ ስትወድቅ ማጠቃለያዋ ይሰረዛል፤ የስረዛው ወሬም በአዲስ አበባ አልፎ ሱሉልታ ይገባል።

ጎርፉን በእውነት የሚያስቆመው አድራሻን በከተማ አስቦ ማደል ነው። የሰበታ ሁሉ ከ10.1.0.0/16 ውስጥ ከሆነ፣ የድንበሩ ራውተር አንድ መስመር ይበቃዋል፦

```
area 1 range 10.1.0.0 255.255.0.0 cost 50
```

ከሥሩ አንድ ኔትዎርክ በሕይወት እስካለ ድረስ ውጭ ያለው ዓለም ይህችን አንዲት አድራሻ ብቻ ያያል። መጨረሻ ላይ ያለችውን `cost 50` ብዙዎች ይተዋታል። ካልተጻፈች ራውተሩ የማጠቃለያውን ኮስት ከውስጥ ኔትዎርኮቹ ከአንዱ ይወስዳል። ያ ኔትዎርክ ሲወድቅና ሲነሳ ኮስቱ ይለዋወጣል፤ በበሩ የተዘጋበት ወሬ በመስኮት ይገባል ማለት ነው።

* * *

ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። ዛሬ አንድ ኃላፊ ተነስቶ «አንድ ከተማ ስለሆኑ አንድ ኤሪያ ይሁኑ» ቢል አይገርመኝም። ኤሪያ የሚከፈለው ግን በኬብል እንጂ በደብዳቤ አይደለም።

* * *

«ሁሉም ኤሪያ ለምን የግድ ኤሪያ 0ን ይንካ?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል። መልሱ ካርታና ወሬን ከመለየት ይጀምራል። ራውተር በገዛ ኤሪያው ውስጥ ካርታ አለው። ከኤሪያው ውጭ ስላለው ነገር ግን ያለው ወሬ ብቻ ነው፦ «10.1.0.0/16 በእኔ በኩል በ50 ይደረሳል»። ወሬው ተናጋሪው ራሱ ከማን እንደሰማው አይናገርም።

አሁን የድንበር ራውተር ሁሉ የሰማውን ለፈለገው ማቀበል ይችላል እንበል። ሰበታ ከኔትዎርኩ ተቆረጠች። አዲስ አበባ መንገዱን ሲያጣ ቡራዩ «እኔ አውቃለሁ» ይለዋል፤ ቡራዩ ግን የሰማው ከራሱ ከአዲስ አበባ ነው። ሁለቱ እየተማመኑ ፓኬቱን ይቀባበሉታል፤ ኮስቱም በየዙሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። አሮጌው ሪፕ መድኃኒት ቢያጣ ነው 16 ሲደርስ «አይደረስም» ብሎ የተወው።

ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ.ን የጻፈው ጆን ሞይ ይህን ዙር በሁለት ሕጎች ነው የዘጋው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 2328 ሰፍረዋል። አንደኛ፣ የድንበር ራውተር ወደ ኤሪያ 0 የሚያስገባው በገዛ ኤሪያው ካርታ ላይ ያለውን እንጂ ከሌላ የሰማውን አይደለም። ሁለተኛ፣ ስለ ሌሎች ኤሪያዎች የሚቀበለው ከኤሪያ 0 የሚመጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ ወሬ ወደ መሃል አንዴ ይገባል፣ ከመሃል አንዴ ይወጣል፣ ወደ መጣበት አይመለስም። መሃሉን አውጥታችሁ ሕጎቹን ብቻ ማቆየት አትችሉም፤ የተጻፉት እሱን አስበው ነው።

* * *

የሚያሳስተው ብልሽት ይኼኛው ነው። መሥሪያ ቤቱ ለመጠባበቂያ ከሰበታ ቡራዩ ቀጥታ ፋይበር አስዘረጋና ኤሪያ 1 ውስጥ አስገባው። ከዚያ የቡራዩና የአዲስ አበባ ፋይበር በቁፋሮ ተቆረጠ። ባለሙያው ከቡራዩ የድንበር ራውተር ሱሉልታን ፒንግ አደረገ፤ መለሰ! «መጠባበቂያው ሠርቷል» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ራውተር ጀርባ ያሉት የቡራዩ ቅርንጫፎች ግን በሙሉ ጨልመዋል።

የሲስኮ ራውተር በኤሪያ 0 የቆመ መስመር ሲያጣ ራሱን የድንበር ራውተር አድርጎ ማየቱን ያቆማል፤ `show ip ospf` ላይ `area border router` የሚለው ጽሑፍም ይጠፋል። እንደ ተራ የኤሪያ 1 ነዋሪ ከሰበታ የሰማውን ለራሱ ይጠቀማል፤ ፒንጉ የሠራው ለዚህ ነው። ለኤሪያ 2 ግን አያስተላልፍም፤ የኤሪያ 2ንም ወሬ ለሰበታ አይነግርም። ፈተናው ከድንበሩ ራውተር ሳይሆን ከጀርባው ካለ ቅርንጫፍ መደረግ ነበረበት።

`area 1 virtual-link` የሚለው ትእዛዝ በሁለቱ የድንበር ራውተሮች ላይ ከሌላኛው ራውተር መለያ ቁጥር ጋር ቢጻፍ ኤሪያ 0ን በኤሪያ 1 ሆድ ውስጥ አሳልፎ ያገናኛል። እኔ ግን ያንን ፋይበር መጀመሪያውኑ ኤሪያ 0 አደርገው ነበር። ኤሪያ 0 አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ይሁን የሚል ሕግ የለም፤ የሚፈለገው ሳይቆራረጥ መያያዙ ነው። ክፍያውም ይታወቅ፦ ያ ፋይበር በተንቀጠቀጠ ቁጥር አዲስ አበባም የሱሉልታ የድንበር ራውተርም ይሰማሉ።